46 ከ50 አግኝቼ ወደቅኩ፦ ከገበያ በኋላ በሌሊት ያጠናሁት የቲዮሪ ፈተና

ብሪታንያ ውስጥ ለመንጃ ፈቃድ ስለወሰድኩት የቲዮሪ ፈተና በዚህ መድረክ ላይ የከፈትኩት የውይይት ክር ረዝሟል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ማንበብ እንደሚከብዳቸው ስለጻፉልኝ፣ የጠየቅኩትንና የተመለሰልኝን በቅደም ተከተል እዚህ አሰፍረዋለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። የተረዳሁትን በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ምዕራብ ለንደን ውስጥ ገበያ ላይ አትክልት እሸጣለሁ። ቃሪያ፣ ጎመን፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሲገኝም ማንጎ። 14 ዓመት ሆኖኛል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ሂትሮው አካባቢ ወዳለው የጅምላ ገበያ፣ ወደ ዌስተርን ኢንተርናሽናል፣ እሄዳለሁ። መኪና የለኝም። እኔንም ዕቃዬንም የሚያመላልስ ባለ ቫን አለ። እሱ ካረፈደ አረፍዳለሁ። እሱ ከታመመ ያን ቀን መደቤ ባዶ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን ባዶ ከዋልኩ በኋላ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ቆረጥኩ። ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ እስከ 3.5 ቶን የሚደርስ ቫን ያስነዳል። ከዚያ በላይ ለእኔ ሥራ አያስፈልግም።

ማታ 12 ሰዓት መደቤን አነሳለሁ። እራት ይሠራል፣ የልጄ የቤት ሥራ ይታያል። እሱ ሲተኛ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፌን እዘረጋለሁ። ደብተሬ የማንጎ ካርቶን ክዳን ነው። አንዱን ካርቶን ለምልክቶች፣ አንዱን ለፍጥነት፣ አንዱን ለእግረኛ ማቋረጫዎች አድርጌዋለሁ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሌሊት ፈጅቶብኛል። በዚህ አገር ማቋረጫዎቹ የወፍ ስም አላቸው። ፔሊካን አለ፣ ፓፊን አለ፣ ቱካን አለ። መጀመሪያ መጽሐፉ ስለ ወፎች የሚያወራ መስሎኝ ገጹን ዘልዬዋለሁ። ፔሊካን ላይ ቢጫው መብራት ብልጭ ድርግም እንደሚል፣ ፓፊን ላይ ግን እንደማይል፣ ቱካን ላይ ደግሞ ብስክሌተኛም ከእግረኛው ጋር እንደሚሻገር ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከመንገዱ ፈተና በፊት የሚወሰደው የቲዮሪ ፈተና ደረሰ። የመጀመሪያው ክፍል 50 ጥያቄ ነው፣ 57 ደቂቃ ይሰጣል፣ ለማለፍ 43 መመለስ ያስፈልጋል። 46 መለስኩ። ሁለተኛው ክፍል ሃዛርድ የሚሉት ነው። 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ይታያሉ፣ መንገዱ ላይ አደጋ ሊፈጠር ሲል ማውሱን ትጫናለህ። ከ75 ነጥብ 44 ያስፈልጋል። እኔ 41 አገኘሁ። ሁለቱንም ክፍል በአንድ ቀን ማለፍ ግድ ስለሆነ 46ቱም አብሮ ቀረ። እንደገና 23 ፓውንድ፣ እንደገና ሁለቱም ክፍል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ አደጋዎቹን ሁሉ አይቻቸዋለሁ። አንድም አላመለጠኝም። ታዲያ ነጥቡ የት ሄደ?

መልስ 1

መጀመሪያ የመለሰችልኝ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። አይዞሽ አለችኝ። እሷም ሁለት ጊዜ የወደቀችው በዚያው ክፍል እንደሆነ ነገረችኝ። ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ አታውቀውም። በሦስተኛው ዝም ብሎ አለፈላት።

መልስ 2 እና 3

አንድ ወንድም ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረዳው። ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን መንጃ ፈቃድ ለምን እንደማላስቀይር ጠየቀኝ። እኔ አገር ቤት መሪ ጨብጬ አላውቅም። ቢሆንም በርሚንግሃም የሚኖር ሌላ ሰው ተቀብሎ አረመው። ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዳቸው እዚህ ከሚቀየርላቸው አገሮች መሀል የለችም። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው እዚህ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ሊነዳበት ይችላል። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ጀማሪ ቲዮሪውንም የመንገዱንም ፈተና ይወስዳል። ወንድማችን ይህን አያውቅም ነበር። እዚህ ከገባ 10 ወሩ ነው። ሁለት ወር ብቻ እንደቀረው የተረዳው በዚህ ክር ላይ ነው።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው መላሽ በእርግጠኝነት ነው የጻፈው። በአማርኛ ተፈተኚ፣ የአክስቴ ልጅ በአማርኛ ተፈትኖ አልፏል አለ። ግማሹ እውነት ነው። አምስተኛዋ ስታጣራው የአክስቱ ልጅ የተፈተነው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። እዚያ የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ አለ። እዚህ ብሪታንያ ግን በፈረንጆቹ ከ2014 ሚያዝያ ወዲህ ጥያቄዎቹን በሌሎች ቋንቋዎች የሚያነብ ድምፅ ቀርቷል፣ አስተርጓሚም አይገባም። አሁን ያሉት እንግሊዝኛና ዌልሽ ብቻ ናቸው።

እሷ ግን አንድ ነገር ጨመረች፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው የሆነው። ሲመዘገቡ ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እንዲነበቡ መጠየቅ ይቻላል። እኔ እንግሊዝኛን የተማርኩት ከደንበኛ አፍ ነው። ስሰማው ይገባኛል፣ ሳነበው ግን እንጎተታለሁ። በመጀመሪያው ፈተና 57ቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ነው የጨረስኩት። ይህ እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም ነበር።

መልስ 6

ይህን የጻፉት ሊድስ ውስጥ ለብዙ ዓመት መንጃ ያስተማሩ አባት ናቸው። ሰዉ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ከመመለሳቸው በፊት ጠየቁኝ። ከምለማመድባቸው ቪዲዮዎች አንዱን መርጬ፣ ምን እንዳየሁና በስንተኛው ሰከንድ እንደተጫንኩ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩላቸው።

ቪዲዮው ግራና ቀኝ መኪና የቆመበት ጠባብ የሰፈር መንገድ ነው። በ14ኛው ሰከንድ ላይ በስተግራ ከቆሙት መኪኖች በአንዷ ውስጥ ሹፌር ተቀምጦ ይታያል። በ22ኛው የቀኝ ፍሬቻዋ ብልጭ ማለት ይጀምራል። በ24ኛው የፊት ጎማዋ ይዞራል። በ27ኛው አፍንጫዋ እኛ መንገድ ውስጥ ገብቷል። እኔ የተጫንኩት በ27ኛው ላይ ነው። ያገኘሁት 1 ነጥብ። ልጄ ከጎኔ ሆኖ ሞክሮ ነበር። ገና ሹፌሩን ሲያይ፣ በ14ኛው፣ አንዴ ተጫነ። ያገኘው 0። ኮምፒውተሩ ተሳስቷል ብሎ ተናዶ ነበር።

ጋሼ እንዳስረዱኝ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ፈተናው ምን እንዳየሁ አይጠይቅም። መቼ እንዳየሁ ነው የሚለካው። መኪና ውስጥ ሰው መቀመጡ አደጋ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ ግን ገና ምንም አልተለወጠም። ፍሬቻው ሲበራ መለወጥ ጀመረ። የነጥቡ በር የሚከፈተው እዚያ ነው። በሩ እንደተከፈተ የተጫነ 5 ያገኛል፣ በዘገየ ቁጥር 4፣ 3፣ 2፣ 1 እያለ ይወርዳል። ልጄ በሩ ሳይከፈት አንኳኳ። እኔ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። እንግዲህ ሁሉንም አይቼ 41 ያገኘሁት በዚህ ነው።

ደግሞ ስለ 75ቱ ነገሩኝ። ቪዲዮዎቹ 14 ሆነው ነጥቡ 75 የሆነው ከመካከላቸው አንዱ ሁለት አደጋ ስላለበት ነው። የትኛው እንደሆነ አይነገርም። እኔ በየቪዲዮው የመጀመሪያውን ከተጫንኩ በኋላ እጄን አነሳ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለምን እንደምዘገይ ብዙ አሰብኩ። ገበያ ላይ የሰው እጅ ዕቃ ሳይነካ ሌባ ብሎ መጮህ ትልቅ ነውር ነው። ዓይኔ ቀድሞ ያያል። አፌ ግን እስከሚረጋገጥ ይጠብቃል። 14 ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ማውሱንም እንደዚያው አድርጌ ነው የያዝኩት። ለጋሼ ይህን ስጽፍላቸው፣ ዓይንሽ ደህና ነው፣ ችግሩ ጣትሽ ነው አሉኝ።

መልስ 7፣ 8 እና 9

ሰባተኛው ወጣት ነው። ይህ ሁሉ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ቪዲዮው ከተጀመረ እስኪያልቅ ተጫኚው፣ አንዱ ይመታል አለ። ስምንተኛው በቁጣ መለሰለት። እሱ ራሱ እንደዚያ አድርጎ ነው የወደቀው። በተደጋጋሚ ወይም በእኩል ምት የሚጫን ሰው ሲገኝ ማያ ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ የዚያ ቪዲዮ ነጥብም 0 ይሆናል። የማያውቁትን ለተቸገረ ሰው መምከር ግፍ ነው እስከማለት ደረሰ።

ጋሼ ገብተው አበረዱ። የእሳቸው ምክር አንዴ ስታይ፣ አንዴ መለወጥ ሲጀምር፣ ምናልባት አንዴ ሲያድግ መጫን ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ከሆነ ነጥብ አያስቀንስም፣ ሁለተኛው በሩ ውስጥ ይወድቃል። በዚህ ላይ ስምንተኛው አልተስማማም። ሦስት ጊዜ መጫን ራሱ ያስጠረጥራል ባይ ነው፣ እሱ አንዴ ብቻ ተጭኖ አልፏል። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። እኔ የጋሼን ተከተልኩ።

መልስ 10 እና 11

አሥረኛው ጽሑፍ አሳዘነኝ። በእኔ ስም ገብቶ የሚፈተንልኝ ሰው እንደሚያውቅና ዋጋውን በግል መልእክት እንደሚነግረኝ ጻፈ። እኔ ከመመለሴ በፊት አሥራ አንደኛዋ ቀደመችኝ። እንደ እሷ የተቆጣ ሰው በዚህ መድረክ ላይ አይቼ አላውቅም። በሰው ስም መፈተን እዚህ አገር ወንጀል ነው፣ ሰዎች ታስረውበታል። የሚታሰረውም በሰው ስም የተፈተነው ብቻ ሳይሆን ያስፈተነውም ጭምር ነው። ንግድሽንም ልጅሽንም በዚህ አታስይዢ አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ፣ ያለ ዕውቀት መንገድ ላይ የወጣ መኪና የእሱንም ልጅ እንደሚገጭ ነገረችው። የመድረኩ አስተናጋጅ ጽሑፉን አጠፋው። ጥሩ አደረገ።

መልስ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛው፣ ቲዮሪ ሳያልፉ መንዳት መማር ክልክል ነው አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያምነው፣ እኔም አምን ነበር። ጋሼ አረሙት። የተከለከለው የመንገዱን ፈተና ቀጠሮ መያዝ ነው። ትምህርቱን ግን ፕሮቪዥናሉን፣ ማለትም የተማሪ መንጃ ፈቃዱን፣ የያዘ ሰው ወዲያው መጀመር ይችላል። እንዲያውም ይህ ለእኔ ቁልፍ ነው አሉ። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው እግሩ ከነዳጁ ላይ መቼ መነሳት እንዳለበት ሰውነቱ አይነግረውም። ሃዛርድ ማለት ደግሞ ፍጥነትሽን ወይም አቅጣጫሽን እንድትለውጪ የሚያስገድድሽ ነገር ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ይህ በአንድ መስመር ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፣ አላስተዋልኩትም።

ለትምህርት የሚከፈል ገንዘብ አሁን የለኝም ብዬ ጻፍኩ። መልሳቸው አጭር ነበር። ቫኑ ውስጥ በየቀኑ ትቀመጪ የለም ወይ አሉኝ።

እውነት ነው። በየቀኑ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ እንቅልፌን ነበር የማካክሰው። ከማግስቱ ጀምሮ መተኛት ተውኩ። ፊት ለፊት እያየሁ፣ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት ባልኩ ቁጥር ጮክ ብዬ አሁን እላለሁ። ባለ ቫኑ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ኋላ ለመደው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሱ ፍሬን ከያዘ በኋላ ነበር አሁን የምለው። በሁለተኛው ሳምንት እኩል ሆንን።

መልስ 14

አሥራ አራተኛዋ የሒሳብ መምህርት ናት። የመቆሚያ ርቀቶቹን በቃሌ እንደያዝኩ ስጽፍ አላስደሰታትም። በቃል ከሆነ ትረሺዋለሽ ብላ ካርቶኔን እንደ አዲስ አስጻፈችኝ። በሰዓት 30 ማይል የሚሄድ መኪና ለመቆም 23 ሜትር ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 9 ሜትሩ ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ የሚያልፈው ነው፣ 14ቱ ፍሬኑ ራሱ የሚፈጀው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ 60 ማይል ላይ፣ 9ኙ 18 ይሆናል፣ እጥፍ ማለት ነው። 14ቱ ግን 28 አይሆንም፣ 55 ይደርሳል። ወደ አራት እጥፍ። ጠቅላላው 73 ሜትር። የማሰቢያው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ የፍሬኑ ደግሞ ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ እንደሚያድገው ነው የሚያድገው። ይህን ከያዝሽ ሌላውን ራስሽ ታወጪዋለሽ አለችኝ።

እኔ በመደብ ቆጠርኩት። የእኔ መደብ ወርዱ 3 ሜትር ነው። 23 ሜትር ማለት ስምንት መደብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፣ ከእኔ ተነስቶ የጨርቅ ሻጩን አልፎ እስከ ዓሣው ድረስ። 73 ሜትር ከሃያ አራት መደብ በላይ ነው፣ የገበያው መውጫ በር ጋ ይደርሳል። በዝናብ ይህ እጥፍ ነው። ያን ቀን ቆሜ በሩን ሳየው፣ ሰው በዚያ ፍጥነት መሄዱ ራሱ አስፈራኝ።

መልስ 15 እስከ 19

እዚህ ላይ ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። አንዱ ስለምገዛው ቫን ጠየቀ፣ ሌላው ርካሽ አሮጌ ናፍጣ ቫን አለኝ አለ። ሦስተኛው አስጠነቀቀኝ። በፈረንጆቹ ከ2023 ነሐሴ ወዲህ የአየር ብክለቱ ክፍያ መላውን ለንደን ይሸፍናል። ዩሮ 6 የሚባለውን የጭስ ደረጃ የማያሟላ ናፍጣ ቫን በተነዳ ቀን ሁሉ 12 ፓውንድ ከ50 ያስከፍላል። ሻጩ ተቆጣ፣ ስም ልታጠፋ ነው አለ። አስጠንቃቂው ደግሞ የታርጋ ቁጥሩን ስጠንና አሁን እናጣራው አለው። ቁጥሩ አልመጣም።

መልስ 20 እና 21

ሃያኛው ከባድ ነገር ተናገረኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ ማንበቡ ከንቱ ነው፣ የደከመ ጭንቅላት አይዝም፣ ሥራ ቀንሺ ወይም ፈተናውን ተዪው አለኝ። ሃያ አንደኛው፣ ማታ ማታ ዕቃ የሚያከፋፍል ሹፌር፣ ተነሳበት። ሥራ መቀነስ የሚችል ሰው መች በሌሊት ያጠናል ብሎ ጠየቀው።

እኔ ሁለቱንም አልጠላሁም። ሃያኛው የተናገረበት መንገድ ቢያስከፋኝም፣ ያለው ውስጥ እውነት አለ። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ያነበብኩት በነጋታው አይገኝም ነበር። ስለዚህ አቀያየርኩት። ጽሑፉን ገበያ ላይ፣ ደንበኛ በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ ከካርቶኑ አነባለሁ። ማታ ቪዲዮ ብቻ፣ ስድስት ቪዲዮ፣ ከዚያ እንቅልፍ።

የእኔ ጽሑፍ፣ ቁጥር 22

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ጻፍኩ። በጆሮ ማዳመጫ ተፈተንኩ። 50ውን ጥያቄ ስጨርስ 16 ደቂቃ ተርፎኛል። 45 አገኘሁ፣ ከበፊቱ አንድ ያነሰ። ሃዛርዱ ላይ 53። አንዱ ቪዲዮ ላይ መጀመሪያ ብስክሌተኛ መጣ፣ ተጫንኩ፣ እጄን ግን አላነሳሁም። ወዲያው ከመታጠፊያው መኪና ብቅ አለ።

መልስ 23 እና 24

ጋሼ እንኳን ደስ ያለሽ ካሉ በኋላ ወዲያው ወደ ሥራ ገቡ። የቲዮሪው ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። በዚያ ውስጥ የመንገዱ ፈተና ካልታለፈ ቲዮሪው ከዜሮ ይጀመራል። ቀጠሮ ለማግኘት ወረፋው ረጅም ስለሆነ ዛሬውኑ ግቢበት አሉኝ። በማንዋል ተማሪ፣ በአውቶማቲክ ያለፈ ሰው ማንዋል ቫን መንዳት አይፈቀድለትም ብለውም አከሉ። የመጀመሪያዋ መላሽ፣ የአረጋውያኑ ተንከባካቢ፣ በሦስተኛው ለምን እንዳለፈች አሁን ገና እንደገባት ጻፈች። በዚያን ጊዜ መንዳት መማር ጀምራ ነበር።

ቀጠሮው ገና አልተገኘም። ዛሬ ንጋት ላይ ከጅምላ ገበያው ስንመለስ አውቶቡስ ማቆሚያ ጋ አንዲት ሴትዮ ስልኳን እያየች ወደ ጠርዙ ቀረበች። አሁን አልኩ። ቀኝ እግሬ ምንም ፔዳል የሌለበትን ወለል ተጭኖ ነበር። ባለ ቫኑ ፍሬን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።